ጅራታሞቹ የእንግሊዝኛ ግሦች

የእንግሊዙ ንጉሥ እስጢፋኖስ የአጎቱ ልጅ ማቲልዳ ዙፋኑን እንዳትነጥቀው በሚሰጋበት ዘመን፣ ያላመናቸውን ጳጳሳት ይዞ አሰራቸው። የፈለገው ነፍሳቸውን ሳይሆን ምሽጎቻቸውን ነበር። በፒተርቦሮ ገዳም የተጻፈው ዜና መዋዕል ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1137 ሥር አስፍሮታል፤ ጳጳሳቱ ከእስር ቤት ያልወጡት ምሽጎቻቸውን «ጊቭ አፕ» እስኪያደርጉ ድረስ ነው ይላል። የቃሉ አጻጻፍ ከዛሬው ይለያል፤ ግሡና ከኋላው የተለጠፈችው ትንሽ ቃል ግን እነዚያው ናቸው።

እዚያ ቦታ ላይ ትርጉሙ አያስቸግርም። ጳጳሳቱ ምሽጎቻቸውን አስረከቡ ማለት ነው። «ጊቭ» መስጠት ነው፣ መስጠቱም በግልጽ ይታያል። ችግሩ የሚመጣው ዛሬ አንድ ሰው ሲጋራን፣ ሌላው ሥራውን፣ ሦስተኛው ደግሞ ራሱን «ጊቭ አፕ» ሲያደርግ ነው። «ሰጠ» እና «ወደ ላይ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ የሚገኝ ትርጉም የለም።

እንዲህ ያሉት ግሦች ፍሬዛል ቨርብ ይባላሉ። ስያሜውን በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ሎጋን ፒርሶል ስሚዝ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1925። እሱም ቢሆን ሐሳቡን ያገኘሁት ከመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ከሄንሪ ብራድሊ ነው ብሏል። ጣጣቸው ግን ከስያሜው ቀድሞ ታውቋል። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ለባዕድ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ከግሥ ኋላ የምትመጣው ትንሽ ቃል የምታመጣው ለውጥ መሆኑን ጽፏል። እኔ ጅራት እላታለሁ። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያደገ ሰው «ፖስትፖን» ሲባል ወዲያው ይገባውና «ፑት ኦፍ» ሲባል የሚደናገረው በጅራቷ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም ግን ቀጠሮን ማራዘም ናቸው።

ወደ «ጊቭ አፕ» እንመለስ። አማርኛ ተርጓሚዎች ሲሳሳቱ «ወደ ላይ ሰጠ» ብለው አይደለም፤ እንደዚያ የሚል ሰው የለም። ስህተቱ ከዚያ የረቀቀ ነው። መዝገበ ቃላት ሲገለጥ መጀመሪያ የሚመጣው «ተስፋ ቆረጠ» ስለሆነ እሱኑ በየቦታው መለጠፍ ይለመዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ማጨስ ማቆሙን የሚናገር ዓረፍተ ነገር «በማጨስ ተስፋ ቆረጠ» ተብሎ ይወጣል። አንባቢው ሰውየው ከሲጋራው ምን ጠብቆ ምን እንደቀረበት ማሰብ ይጀምራል።

መፍትሔው ከግሡ ላይ ዓይንን አንስቶ የተደረገበትን ነገር ማየት ነው። ሲጋራ ወይም መጠጥ ከሆነ ሰውየው ተወ ወይም አቆመ እንላለን። ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ራሱን ከሆነ «ጊቭ አፕ» ያደረገው፣ እጁን ሰጠ። በአውቶቡስ ውስጥ መቀመጫውን ለእናት ከሆነ፣ ለቀቀላቸው። ሐኪሞች በሽተኛውን ከሆነ፣ ተስፋ ቆረጡበት። እናት ሕፃኗን ከሆነ ደግሞ፣ ለጉዲፈቻ ሰጠችው፤ እዚህ ላይ የጥንቱ «ሰጠ» ሳይታሰብ ትክክል ሆኖ ይገኛል። አምስቱንም በአንድ ግሥ ልተርጉም ያለ ሰው አብዛኞቹን ያበላሻል።

የሚያስገርመው አማርኛም በመስጠት በኩል ወደ ሽንፈት መድረሱ ነው። «እጅ ሰጠ» ስንል እጁን ቆርጦ አስረከበ ማለታችን አይደለም። «ተስፋ ቆረጠ» ውስጥም መቁረጫ የለም። እኛም የማይፈታ ትርጉም አለን፤ የምናስቀምጠው ግን ከግሡ ፊት በሚቆም ስም ላይ ነው፤ ፊት ነሳ፣ ጆሮ ሰጠ፣ ልብ አለ። እንግሊዝኛ ከኋላ በጅራት ያስቀምጠዋል። ተርጓሚው ጅራቷን ቆርጦ ሌላ ጅራት ከመፈለግ ይልቅ ከፊት የሚቆመውን ስም ቢፈልግ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል።

አንድ ቦታ ላይ ግን «ጊቭ አፕ» ከእነዚህ ሁሉ የተለየ መልስ ይፈልጋል። የእንግሊዝ ልጆች እንቆቅልሽ ተጠይቀው ሲያቅታቸው «አይ ጊቭ አፕ» ይላሉ። በአማርኛ የልጆች ታሪክ ውስጥ ይህ «ተስፋ ቆረጥኩ» ተብሎ ቢጻፍ ልጁ ሊሞት የደረሰ ይመስላል። በእኛ ጨዋታ ያቃተው ልጅ «አላወቅኩትም» ይላል፤ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል፤ እሱም ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጠዋል። ታሪኩ ለንደን ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ አገር ማሰጠቱ ልጆቹን ያላግባብ ሐበሻ ያደርጋቸዋል፤ «አላወቅኩትም፣ አንተው ንገረኝ» ይበቃል። ታሪኩ ወደ አገራችን የተመለሰ ከሆነ ግን አገር የማይሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።

«ረን ኢንቱ» የሚያስቸግርበት መንገድ ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ስለ እንቅስቃሴ ሲናገር አኳኋኑን በግሡ ይነግረንና አቅጣጫውን ለጅራቷ ይተዋል። «ረን» መሮጥ ነው፣ «ኢንቱ» ወደ ውስጥ። አማርኛ በተቃራኒው አቅጣጫውን ዋናው ግሥ ላይ ያሳርፋል፤ ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ተሻገረ። አኳኋኑ ከፊቱ ይመጣል። ስለዚህ ልጁ ወደ ቤት «ራን ኢንቱ» ሲያደርግ፣ ሮጦ ቤት ገባ እንላለን። የቋንቋ ሊቁ ሌናርድ ታልሚ ቋንቋዎችን በዚህ ልዩነት በሁለት ጎራ ከፍሏቸዋል፤ እንግሊዝኛ አንደኛው ጎራ ውስጥ ሲሆን፣ አማርኛ የሚሄደው ከሌላኛው ጋር ነው።

ሮጦ መግባቱ ቀላሉ ነው። መኪና ዛፍን «ራን ኢንቱ» ሲያደርግ ገጨ ነው፤ ሩጫውም መግባቱም ጠፍቷል። ሰው የድሮ ጓደኛውን ከሆነ ድንገት አገኘው፣ ወይም መንገድ ላይ ተገጣጠሙ። ወጪ ሚሊዮኖችን ከሆነ በሚሊዮን የሚቆጠር ሆነ። ሰው ችግርን ከሆነ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይገለበጣል። እንግሊዝኛው ሰውየውን ባለቤት አድርጎ ወደ ችግሩ ያስሮጠዋል፤ አማርኛ ችግሩን አስነሥቶ ሰውየው ላይ ያመጣዋል፤ ችግር ገጠመው። «ወደ ችግር ሮጦ ገባ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቃላቱን በትክክል ተርጉሞ ሰውየውን ጅል አድርጎታል።

ይህን መገልበጥ የለመደ ሰው ሌሎች ብዙ በሮች ይከፈቱለታል። «ረን አውት ኦፍ» ገንዘብ ሲሆን፣ ገንዘብ አለቀበት። ጉዳቱን የሚሸከመው «በት» የምትለው ቅጥያ ናት። ስልክ እያወሩ «ሃንግ አፕ ኦን» የተደረገበት ሰው፣ ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋበት። የእንግሊዝኛው ግሥ የመጣው የቀድሞው ስልክ እጀታ ሲጨርሱ መንጠቆ ላይ ይሰቀል ስለነበር ነው፤ እኛ መስቀሉን ትተን መዝጋቱን ያዝን።

ጅራቷ መቼ አቅጣጫ፣ መቼ ሌላ ነገር እንደሆነች ለመለየት ጥሩ መፈተኛ አለ። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጮክ ብለው ያንብቧቸው፤ «ሂ ራን አፕ ኧ ሂል»፣ «ሂ ራን አፕ ኧ ቢል»። ልዩነታቸው አንድ ድምፅ ነው። መጀመሪያውን «ወዴት ሮጠ?» ብለው ቢጠይቁት «ወደ ኮረብታው» የሚል መልስ አለው፤ ሮጦ ኮረብታው ላይ ወጣ። ሁለተኛው ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ወደ ሂሳብ የሚሮጥ የለም፣ ዕዳ ቆለለ ነው። ሌላው ምልክት ተውላጠ ስም ነው። ዕዳውን በ«ኢት» ስንተካው ግሡንና ጅራቱን ለያይቶ መሐል ይገባል፤ «ራን ኢት አፕ»። ኮረብታውን ስንተካው ግን «ራን አፕ ኢት» ሆኖ ከኋላ ይቆያል። የማይታወቅ ግሥ ሲያጋጥም እነዚህን ሁለት ነገሮች ማየት ብዙ ግምት ያድናል።

መለያየቱ ራሱ ወጥመድ አለው። «ሂ ጌቭ ሂዝ ጆብ» ድረስ ያነበበ ተርጓሚ «ሥራውን ሰጠ» ብሎ ከጀመረ፣ መጨረሻ ላይ የምትመጣው «አፕ» ሁሉንም ታፈርስበታለች። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ እኛ እስከ መጨረሻው መታገሥ የለመድን ሰዎች ነን፤ እንግሊዝኛ ስናነብ ግን ግሡ ቀድሞ ስለሚመጣ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል።

አሁን አንድ አጭር አንቀጽ በተግባር እንይ። ሴት ለእኅቷ የምትጽፈው ደብዳቤ ነው እንበል። የቶምን ሚስት ገበያ ውስጥ «ራን ኢንቱ» አድርጌያት ነበር ትላለች። ቶም እርሻውን «ጊቨን አፕ» አድርጎታል። ዕዳ «ረን አፕ» አድርጎ ነበር፤ በመጨረሻ ባንኩ ከትዕግሥት «ራን አውት» አደረገ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ የቶምን ሚስት ገበያ ውስጥ ድንገት አገኘኋት። «ተጋጨኋት» ከተባለ ጠብ ሊመስል ይችላል። ሁለተኛው ላይ እጃችን ወደ «እርሻውን ተወው» ይሄዳል፤ ያን ብቻ ካነበብን ስህተት የለበትም፣ ቶም እርሻ ሰልችቶት ከተማ ገብቶ ይሆናል። ሦስተኛውና አራተኛው ሲመጡ ግን ዕዳና ባንክ አሉ። ቶም እርሻውን የተወው ወዶ አይደለም። «ተስፋ ቆረጠበት» ብንል ደግሞ ስሜቱን እንጂ የመሬቱን ከእጁ መውጣት አንናገርም። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሰን ግሡን እንቀይራለን፤ «ለቀቀ» ወይም ባንኩ ወስዶት ከሆነ «አስረከበ»። ሁለቱን የሚለየው ነገር ደብዳቤው ውስጥ ስለሌለ «ለቀቀ» ይሻላል፤ ያልተነገረውን አይጨምርም። ዕዳውን ቶም ላይ ከመጫን ይልቅ እንደ አማርኛ ልማድ ዕዳው ራሱ ሥራውን ይሥራ፣ ባንኩም ወደ ትዕግሥቱ ማለቅ ይገልበጥ፦

«የቶምን ሚስት ገበያ ውስጥ ድንገት አገኘኋት። ቶም እርሻውን ለቀቀ። ዕዳው ተቆልሎበት ኖሯል፤ በኋላ የባንኩም ትዕግሥት አለቀ።»

ከእንግሊዝኛው አራት ጅራቶች አንድም አልቀረም። እኅትየዋ ግን ምን እንደተፈጠረ ታውቃለች፤ ቀጥላ የምትጠይቀው ቶም አሁን የት እንደሚኖር ይሆናል።