የባዶ አባሪ ማስጠንቀቂያ

የባዶ አባሪ ማስጠንቀቂያ አንድ የኢሜይል መልእክት ከመላኩ በፊት ጽሑፉን የሚያነብ አጭር የፕሮግራም ክፍል ነው። ጽሑፉ «አባሪ አለ» እያለ ፋይል ካልተያያዘ፣ ወይም በቅጽ ውስጥ ለአባሪ የተተወው ቦታ ሳይሞላ ከቀረ፣ ላኪውን አስቁሞ ይጠይቃል። ሞዚላ ተንደርበርድ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው እትም 3 ጀምሮ፣ ማይክሮሶፍት አውትሉክም ከ2013 እትሙ ጀምሮ ይህ ዓይነት ማሳሰቢያ አላቸው።

ፍተሻው ከመላክ በፊት የሚደረግበት ምክንያት ቀላል ነው። ኢሜይል አንዴ ከተቀባዩ ሰርቨር ከደረሰ በላኪው እጅ አይደለም። የጂሜይል «ላክን ሰርዝ» እንኳ መልእክቱን ከ5 እስከ 30 ሰከንድ ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልስም። የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ በመጨረሻው ቀን ማታ የላከ ተማሪ የውጤት ወረቀቱን አለማያያዙን የሚያውቀው በማግስቱ ከሆነ፣ ሁለተኛው መልእክቱ ከቀነ ገደቡ በኋላ የመጣ ይሆናል።

## ምን ይፈተሻል

ፍተሻው ሁለት ነገሮችን ያነጻጽራል፤ ጽሑፉ የሚሰጠውን ቃል እና በእርግጥ የተያያዘውን ፋይል። ከባዱ የመጀመሪያው ነው። ለእንግሊዝኛ ጥቂት ቃላትን መፈለግ ብዙ ርቀት ያስኬዳል። በአማርኛ ግን ግሡ ከነባለቤቱና ከነመስተዋድዱ አንድ ቃል ሆኖ ስለሚጻፍ፣ ፊደሎቹም ስለሚለዋወጡ፣ ያው ዘዴ አይበቃም።

ለምሳሌ «አያያዝ» የሚለውን ብንፈልግ «አያያዝኩ» ይገኛል። ነገር ግን «የሂሳብ አያያዝ» እና «የሰነድ አያያዝ»ም አብረው ይመጣሉ። በሒሳብ ክፍል የሚሠራ ሰው በቀን አሥር ጊዜ በከንቱ ይጠየቃል ማለት ነው። በአንጻሩ «ያያያዝኩት» አይገኝም፤ «የ» ከ«አ» ጋር ተዋህዶ «ያ» ሆኗልና። ከዚህ የባሰው «በተያያዘ» ነው። «ከስብሰባው ጋር በተያያዘ» የሚለው ሐረግ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ውስጥ ሞልቷል፣ ከፋይል ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም። ስለዚህ ሥሩን ሳይሆን ላኪው «እኔ አድርጌዋለሁ» የሚልባቸውን ቅርጾች መምረጥ ይሻላል፤ «አያይዤ»፣ «አያይዘናል»፣ «ተያይዟል»። «አያይዘህ» ሆን ተብሎ ይቀራል። ያ ሌላውን ሰው መጠየቅ እንጂ የራስ ቃል አይደለም።

```
const promise = /አባሪ|አያይ(ዤ|ዣ|ዘን|ዘና)|ያያያዝ[ኩነ]|ተያይ(ዟል|ዞአል|ዘዋል)|አታች አድር(ጌ|ገን|ገና)/u;
const hole = /\[[^\]]*(አባሪ|ፋይል)[^\]]*\]/u;
```

የመጨረሻው «አታች አድርጌ» ለመዝገበ ቃላት ባይመችም በዕለት ተዕለት መልእክት የሚጻፈው እሱ ስለሆነ መዝለል አይቻልም። «ዐባሪ» ብሎ የሚጽፍ ስለማይጠፋ ደግሞ፣ ከፍለጋው በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት (ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ሠን ወደ ሰ) ወደ አንድ መመለስ ያስፈልጋል።

ጀማሪ ፕሮግራመር የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ። በጃቫስክሪፕት የቃል ወሰንን የሚያመለክተው `\b` የሚያውቀው የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና የታች ሰረዝን ብቻ ነው። `/\bአባሪ\b/` ተብሎ ከተጻፈ ክፍት ቦታ ከግራና ከቀኝ ያለው «አባሪ» መቼም አይገኝም። ፕሮግራሙ ስህተት አያሳይም፤ ዝም ብሎ ሁሉንም ያሳልፋል። ፍተሻው ጨርሶ ካላስጠነቀቀ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው። ለ«በአባሪነት» እና «የአባሪው» ሲባል ወሰኑ ባይኖር ይሻላል።

«አባሪ» የሚለው ቃል ብቻውን አሁንም ያሳስታል። «ደብዳቤው አባሪ የለውም» እና «አባሪውን ላክልኝ» ቃል መግባት አይደሉም። ጽሑፉን በዓረፍተ ነገር ከፍሎ፣ «የለውም» ወይም «ላክልኝ» ያለበትን መዝለል አብዛኛውን ይፈታል። ሲከፈልም አራት ነጥብን (።) ብቻ መጠበቅ አይበቃም። ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ (፡፡) ወይም የላቲኑን `::` ይጽፋል።

ሌላው የውሸት ማስጠንቀቂያ ምንጭ የመልስ መልእክት ነው። ተቀባዩ «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብቻ ሲመልስ ከሥሩ የተጠቀሰው የላኪው ጽሑፍ «አባሪ» ይላል፤ ፋይሉ ግን ከመልስ ጋር አይመለስም። ስለዚህ በ`>` የሚጀምሩ መስመሮች፣ በ`blockquote` ውስጥ ያለው ሁሉና ከ`-- ` በታች ያለው ፊርማ ከፍተሻው በፊት ይወገዳሉ።

## አርማው እንደ አባሪ ሲቆጠር

አንድ ጽሕፈት ቤት ከቅጽ የተዘጋጀ መልእክት ሊልክ ነው እንበል፦ «የጥር ወር የሥራ ሪፖርት 3 ገጽ አባሪ አድርገን የላክን መሆኑን እንገልጻለን። [አባሪ፡ ሪፖርት]»። ከፊርማው ሥር የመሥሪያ ቤቱ አርማ በሥዕል አለ። ሪፖርቱ አልተያያዘም።

ተራ ፍተሻ የፋይሎችን ቁጥር ይጠይቃል፤ መልሱ አንድ ነው፣ አርማው። መልእክቱ ያልፋል። ትክክለኛው ፍተሻ በጽሑፉ ውስጥ በ`cid:` የተጠራን ሥዕል ከቁጥር ያወጣል። `Content-Disposition` የሚለውን መስመር ብቻ አይቶ መወሰን ግን አያስተማምንም። አንዳንድ ፕሮግራሞች አርማን `attachment`፣ እውነተኛ ፒዲኤፍን ደግሞ `inline` ብለው ይልካሉ። አርማው ሲወጣ ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፣ «አባሪ» ደግሞ ተጠቅሷል፤ ማስጠንቀቂያው ይመጣል።

አሁን ላኪው ሪፖርቱን ቢያያይዝም የቅንፉ ጽሑፍ አልጠፋም። በእኔ እይታ ያልተሞላ የቅጽ ቦታ ፋይል ቢኖርም ባይኖርም ማስቆም አለበት፤ ተቀባዩ ያየዋልና። ሦስት ቦታ ባለው ቅጽ ሁለቱ ተሞልተው አንዱ ሲረሳም የሚያጋልጠው እሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የፋይሉ መጠን ይታያል። ከፍላሽ ሲገለበጥ የተቋረጠ ፋይል ስሙ እንዳለ ሆኖ 0 ባይት ሊሆን ይችላል። ቅጥያው `.lnk` ወይም `.gdoc` የሆነ ደግሞ ባዶ ባይሆንም ሰነዱ ያለበትን ቦታ ብቻ የሚጠቁም ነው፤ ሰነዱ ራሱ አልሄደም።

## ጥያቄው

«አባሪ ረስተዋል?» ብሎ ብቻ መጠየቅ ላኪውን ያስገምተዋል። ያስነሳውን ዓረፍተ ነገር ማሳየት ይሻላል፦ «‹…3 ገጽ አባሪ አድርገን…› ብለዋል፤ የተያያዘ ፋይል ግን የለም።» ከሥሩ «ፋይል ጨምር» እና «እንዲሁ ላክ» ይቀመጣሉ። ኢንተር ሲጫን የሚመረጠው የመጀመሪያው ይሁን፤ አለዚያ እጅ ከልማድ ያልፈዋል።

ቃላቱን ለመመዘን የራስን «የተላኩ» ማህደር መጠቀም ይቻላል። 200 መልእክቶችን አሳልፎ የተነሱትን ማስጠንቀቂያዎች አንድ በአንድ ማንበብ ነው። ከ20 ማስጠንቀቂያ 19ኙ የውሸት ከሆኑ ሰው ሳያነብ መዝጋት ይለምዳል፣ 20ኛውም አብሮ ያልፋል። ያኔ አዲስ ቃል ከመጨመር በፊት የሚያሳስተውን ማውጣት ይቀድማል።

ፕሮግራም ሳይጽፉ መሞከር የሚፈልጉ በተንደርበርድ ቅንብሮች ውስጥ `mail.compose.attachment_reminder_keywords` በሚለው ዝርዝር ላይ የአማርኛ ቃላትን በነጠላ ሰረዝ (,) እየለዩ መጨመር ይችላሉ። እዚያ የሚገቡት ተራ ቃላት ስለሆኑ «አባሪ»፣ «በአባሪነት»፣ «አያይዤ» እያሉ ቅርጾቹን ለየብቻ ማስገባት ይመረጣል። የተሳሳተ ፋይል መያያዙን ግን ከእነዚህ አንዱም አያውቅም፤ የታኅሣሥ ሪፖርት በጥር ፈንታ ቢሄድ ፍተሻው ያሳልፈዋል።