በካፌይን ስዕል ላይ ያልተጻፉት 18 አቶሞች

የካፌይን ሞለኪውል 24 አቶሞች አሉት። ስዕሉን በስኒ፣ በካናቴራ ወይም በቡና ቤት ግድግዳ ላይ ያየ ሰው ግን የሚያገኛቸው ፊደሎች ስድስት ብቻ ናቸው፤ አራት N እና ሁለት O። N ናይትሮጅን ነው፣ O ደግሞ ኦክስጅን። የቀረው ሁሉ መስመር ነው። አንድ ባለ ስድስት ጎንና አንድ ባለ አምስት ጎን ቀለበት አንዱን ጎን ተጋርተው ተጣብቀዋል፤ ከጠርዛቸውም አጫጭር መስመሮች ወጥተዋል። 8 ካርበኖችና 10 ሃይድሮጅኖች የትም አልተጻፉም። ኬሚስት ግን ስዕሉን አይቶ አንድ ሳያጎድል ይቆጥራቸዋል፤ ዘዴውን ላወቀ ሰው ደግሞ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ይህ አሳሳል የአጽም ቀመር ይባላል። በመድኃኒት መግለጫ ወረቀት ላይ የሚታዩት፣ ብዙዎቻችን ሳናነባቸው የምናልፋቸው ባለ ብዙ ማዕዘን ስዕሎችም እሱው ናቸው። ካርበንና ሃይድሮጅን የሚተዉበት ምክንያት ቀላል ነው። ኦርጋኒክ ሞለኪውል በአብዛኛው የተገነባው ከእነዚህ ከሁለቱ ስለሆነ ሁሉም ቢጻፍ ወረቀቱ በC እና በH ይሞላል፤ ዋናዎቹ ቦታዎች፣ ማለትም እነናይትሮጅንና ኦክስጅን ያሉባቸው፣ በመሃል ይዋጣሉ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መስመር ሁለት አቶሞችን የሚያያይዝ ትስስር ነው፤ ሁለት ትይዩ መስመሮች ከሆኑ ድርብ ትስስር ማለት ነው። መስመር በታጠፈበት ወይም መስመሮች በተገናኙበት ማዕዘን፣ እንዲሁም መስመር ባለቀበት ጫፍ፣ ፊደል ካልተጻፈ በስተቀር ካርበን አለ። ሃይድሮጅኑ ደግሞ በስሌት ይገኛል። ካርበንን አራት እጅ እንዳለው ሰው እንቁጠረው፤ አንዱም እጅ ባዶውን አይቀርም። በስዕሉ ላይ የሚታዩት መስመሮች ከአራት ያነሱ ከሆኑ የጎደለውን የያዘው ሃይድሮጅን ነው። ይህ የሚሠራው ግን ካርበን ላይ ላለ ሃይድሮጅን ብቻ ነው። ከኦክስጅን ወይም ከናይትሮጅን ጋር የተያያዘ ሃይድሮጅን የግድ ይጻፋል።

በትንሹ እንጀምር። በአረቄና በጠጅ ውስጥ ያለው አልኮል፣ ኤታኖል፣ ሲሳል አንድ ጊዜ የታጠፈ መስመርና ጫፉ ላይ OH ብቻ ነው። ፊደል የሌለው ጫፍ አንድ ካርበን ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ስለነካው ሦስት ሃይድሮጅን ይዟል። እጥፋቱ ሁለተኛው ካርበን ነው፤ ሁለት መስመር ስለነካው የሚቀረው ለሁለት ሃይድሮጅን ነው። በኦክስጅኑ ላይ የተጻፈው ሲጨመር ስድስት ይሆናል፤ C2H6O። መስመሩ የተሰበረውም ለውበት አይደለም። ቀጥ ብሎ ቢሰመር ማዕዘኑ ይጠፋል፣ ከማዕዘኑ ጋርም ካርበኑ።

አሁን ወደ ካፌይን እንመለስ። ባለ ስድስቱና ባለ አምስቱ ቀለበት ሁለት ማዕዘን ስለሚጋሩ በድምሩ ያሏቸው ማዕዘኖች 11 ሳይሆኑ 9 ናቸው። በአራቱ ላይ N ተጽፏል፤ የቀሩት አምስቱ ካርበኖች ናቸው። ከቀለበቶቹ ከሚወጡት መስመሮች ሁለቱ ድርብ ሲሆኑ ጫፋቸው ላይ O አለ። ሦስቱ ነጠላ መስመሮች ግን ከናይትሮጅን ተነስተው ያለ ፊደል ያልቃሉ፤ ሦስት ካርበን። አምስትና ሦስት፣ ስምንት።

ሃይድሮጅኑስ? ጫፍ ላይ ያሉት ሦስቱ ካርበኖች እያንዳንዳቸው አንድ መስመር ብቻ ስለነካቸው ሦስት ሦስት ሃይድሮጅን ይይዛሉ፤ ዘጠኝ ሆነ። ከኦክስጅን ጋር በድርብ የተያያዙት ሁለቱ ካርበኖች በቀለበቱ ውስጥ ደግሞ ሁለት ጎረቤት ስላላቸው አራቱም እጃቸው ተይዟል። ሁለቱ ቀለበቶች በሚጋሩት ጎን ላይ ያሉትም እርስ በርስ በድርብ፣ ከሌሎች ሁለት ጋር በነጠላ ስለተሳሰሩ ቦታ የላቸውም። የቀረው በባለ አምስቱ ቀለበት ጫፍ፣ በሁለት ናይትሮጅኖች መሃል ያለው ካርበን ነው። ከአንዱ ጋር በድርብ፣ ከሌላው ጋር በነጠላ ተያይዟል፤ ሦስት ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሃይድሮጅን አለው። ድምሩ 10፣ ቀመሩም C8H10N4O2።

ስህተት የሚገኘውም በዚሁ ስሌት ነው። ለጌጥ የተሳሉ የካፌይን ስዕሎች ሁሉ አይታመኑም። አንድ ድርብ መስመር በነጠላ ከተተካ ሃይድሮጅኑ ከ10 ይበልጣል፤ ድርብ መስመር ያለቦታው ከገባ ደግሞ አምስት እጅ ያለው ካርበን ይወጣል፣ እንዲህ ያለ ካርበን ደግሞ በካፌይን ውስጥ ሊኖር አይችልም። ናይትሮጅኖቹንም መፈተሽ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ትስስር ሊኖራቸው ይገባል።

ፊደል አልባ ጫፍን ችላ ማለት ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ከካፌይን ስዕል በግራ በኩል ካለው ናይትሮጅን ላይ አጭሩን መስመር እናንሳ። ጀማሪ የጠፋው ጭረት ብቻ ይመስለዋል። የሄደው ግን አንድ ካርበንና ሦስት ሃይድሮጅን ነው። ናይትሮጅኑ እጁ ባዶ እንዳይቀር በቦታው አንድ ሃይድሮጅን ይገባል፣ ይህም ተጽፎ NH ይሆናል። ውጤቱ C7H8N4O2፣ በካካዎና በቸኮሌት ውስጥ የሚገኘው ቲዮብሮሚን ነው፤ እንደ ካፌይን እንቅልፍ አይነሳም። ያንኑ ለውጥ በግራው ፈንታ በባለ አምስቱ ቀለበት ናይትሮጅን ላይ ብናደርግ ቀመሩ ያው C7H8N4O2 ነው፤ ንጥረ ነገሩ ግን ለአስም መድኃኒትነት ሲያገለግል የኖረው ቲዮፊሊን ይሆናል። በቁጥር የተጻፈው ቀመር ሁለቱን አይለይም፤ ስዕሉ ይለያቸዋል። በእኔ አስተያየት የአጽም ቀመር ትልቁ ጥቅሙ ቦታ መቆጠቡ ሳይሆን ይኸው ነው።

ካፌይን እንቅልፍ የሚነሳበትም ምክንያት ከስዕሉ ይጀምራል። አዴኖሲን የሚባል፣ በአንጎል ውስጥ ድካምን የሚያሳውቅ ንጥረ ነገር አለ። ሲሳል እሱም ከሁለት የተጣበቁ ቀለበቶች፣ ከባለ ስድስትና ከባለ አምስት ጎን፣ የተሠራ ክፍል አለው፤ ናይትሮጅኖቹም ቀለበቶቹ ላይ የተቀመጡት በእነዚያው አራት ቦታዎች ነው። ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ተቀባይ ቀድሞ ይይዝበታል፣ መልእክቱን ግን አያስተላልፍም።

ስዕሉ የማይናገረውም አለ። ወረቀት ጠፍጣፋ ነው፣ ብዙ ሞለኪውሎች ግን አይደሉም። የካፌይን ቀለበቶች በተፈጥሯቸው ጠፍጣፋ ስለሆኑ እዚህ ብዙ አይጎድልም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን አንዱ ካርበኑ አራት የተለያዩ ነገሮችን ስለያዘ እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚለያዩ ሁለት ቅርጾች ሊኖሩት ይችላሉ፤ በተራ መስመር ሲሳሉ ሁለቱ አንድ ናቸው። ለመለየት ወደ አንባቢው የሚመጣው ትስስር በሽብልቅ ቅርጽ በወፍራሙ፣ ወደ ኋላ የሚሄደው በተቆራረጠ መስመር ይሳላል። ቅጠሉ የሚያመርተው አንደኛውን ቅርጽ ብቻ ነው፤ በላቦራቶሪ በተለመደው መንገድ ሲሠራ ግን ሁለቱም እኩል ተቀላቅለው ይወጣሉ።