በፒያሳ ፎቶግራፍ ሥር ስለሚጻፉ አስተያየቶች

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በፈረሱ ጊዜ፥ በአራዳ ተወልደው ካደጉት ብዙዎች የሰፈራቸውን ፎቶግራፍ በፌስቡክ ይፈልጉ ነበር። ናፍቆት ባለበት ስፍራ ግን በናፍቆት የሚነግድ አይታጣም።

ከአንድ የጊዮርጊስ አደባባይ ፎቶግራፍ ጋራ «የአራዳ ልጅ የሆነ ሁሉ አሜን ብሎ ይጻፍ፤ ያልጻፈ ፒያሳን አይወድም» የሚል ቃል ተጽፎ ተገኘ እንበል። ጸሐፊው ስለ ፒያሳ የሚነግረን አንዳች ነገር የለውም፤ የሚፈልገው ቍጥር ብቻ ነው። ፌስቡክ ብዙ አስተያየት የተጻፈበትን ነገር ለብዙ ሰው ያሳያልና፥ ገጹ ተከታይ ያበዛል፤ ከዚያም ስሙ ተለውጦ ለሌላ ንግድ ይውላል። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት የገጹን ታሪክ ከፍቶ፥ መቼ እንደ ተከፈተና ቀድሞ በምን ስም ይጠራ እንደ ነበረ መመልከት ይገባል። ትናንት የጫማ መሸጫ የነበረ ገጽ ዛሬ «የአራዳ ትዝታ» ከተባለ፥ ነገሩ ግልጥ ነው። ፌስቡክ ራሱ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ልመና የያዙ ጽሑፎች ዝቅ ብለው እንዲታዩ እንደሚያደርግ አስታውቋል፤ ነገር ግን የጠፋ ልጅ ፍለጋንና የእርዳታ ጥሪን ከዚህ ለይቷል፤ መለየቱም ተገቢ ነው።

ከሥሩ የሚጻፉትን አስተያየቶች መመርመር ግን ከዚህ ይከብዳል። መደጋገም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በእኛ አገር «አሜን» ወይም «ነፍስ ይማር» የሚለውን መቶ ሰው ከልቡ ሊጽፈው ይችላልና። ይልቁንስ ረዘም ያለውን ቃል ተመልከቱ። አማርኛችን ሀ፥ ሐ፥ ኀ፥ እንዲሁም ሰና ሠ፥ አና ዐ ስላሉት፥ ሁለት ሰዎች አንድን ረጅም ዐረፍተ ነገር በየራሳቸው ቢጽፉ ፊደላቸው በአንድ ስፍራ እንኳ መለያየቱ አይቀርም። በአምስት ስም የተጻፈው አንድ ዐይነት ሆኖ፥ ስሕተቱም በዚያው ፊደል ላይ ከተገኘ፥ አንድ እጅ ገልብጦታል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ተንኰለኛው ይህንኑ ዐውቆ ሆን ብሎ ሀን በሐ ሊለውጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ የተጻፈበትን ደቂቃና የጸሐፊዎቹን ገጽ ማየት ያስፈልጋል። ሁሉም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጽፈው፥ ገጻቸውም በቅርብ የተከፈተና ከአንድ ሥዕል በቀር ባዶ ከሆነ፥ ጥርጣሬው ይበረታል። አዲስ ገጽ ብቻውን ግን አያስወቅስም፤ ስልክ ገና የተገዛላቸው አያትም ገጻቸው ባዶ ነው።

ጕዳቱ የሚመጣው በመካከል ነው። «ከሰፈራችሁ ለተነሣችሁ ቤት አሰጣለሁ፤ ስልካችሁን ጻፉ» የሚል አስተያየት ይገባል፤ ሌሎቹም «እኔ አግኝቻለሁ፥ እውነት ነው» እያሉ ይመሰክሩለታል። ቤቷ የፈረሰባት እናት ምስክር በዛልኝ ብላ ቍጥሯን ትሰጣለች፤ ቀጥሎም የመመዝገቢያ ገንዘብ ትጠየቃለች። እንዲህ ያለውን መስካሪ ከየትኛው ሰፈር እንደ ተነሣ፥ ከጊዮርጊስ ወደ ቤቱ ሲኼድ በየት በኩል ይታጠፍ እንደ ነበረ ጠይቁት። የዶሮ ማነቂያ ልጅ ከሆነ ጐረቤቱን ሳይቀር ይቈጥርላችኋል፤ ሐሰተኛው ግን ወይ ዝም ይላል፥ ወይ ያንኑ ቃል ደግሞ ይለጥፋል።