የማይታመን ተራኪ፦ አንደኛ መደብና ቅርብ ሦስተኛ መደብ

የማይታመን ተራኪ በልብ ወለድ ውስጥ የሚነግረን ነገር ከታሪኩ እውነት ጋር የማይገጥም ተራኪ ነው። ስያሜውን ወደ ሥነ ጽሑፍ ሂስ ያስገባው አሜሪካዊው ሐያሲ ዌይን ቡዝ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ተራኪው የግድ ውሸታም መሆን የለበትም። ራሱን የሚያታልል፣ ያልገባውን እንደገባው አድርጎ የሚናገር ወይም የሚያሳፍረውን ነገር እየዘለለ የሚያልፍ ሊሆን ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው አለመታመኑ ቀስ በቀስ የሚገለጥ ተራኪን ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ መጀመሪያ የሚወስነው ታሪኩ በ«እኔ» ይነገር ወይስ በ«እሱ» የሚለውን ነው። በ«እኔ» የሚነገረው አንደኛ መደብ ይባላል። ቅርብ ሦስተኛ መደብ የሚባለው ደግሞ «እሱ» ወይም «እሷ» እያለ ቢተርክም ከአንድ ገጸ ባሕርይ ዓይንና ሐሳብ የማይወጣ አተራረክ ነው።

## የሁለቱ ልዩነት

በአንደኛ መደብ ተራኪው ራሱ የታሪኩ ሰው ነው። የሚናገረው ሁሉ የእሱ ቃል ስለሆነ መዋሸት፣ መደበቅና ማሳመር ይችላል። አንባቢውም በዕለት ኑሮው ሰው ሲያወራው እንደሚያደርገው ሁሉ «ይህን ለምን ይነግረኛል?» ብሎ ይጠይቃል።

በቅርብ ሦስተኛ መደብ ግን ሁለት ድምፆች አሉ። አንደኛው «በሩን ከፈተ» የሚለው የተራኪው ድምፅ ነው። ሁለተኛው ነገሩን የሚመዝነው የገጸ ባሕርዩ ድምፅ ነው። እዚህ የሚያሳስተው ሁለተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ከዋሸ፣ ማለትም በሩ ሳይከፈት «ከፈተ» ከተባለ፣ የተታለለው ገጸ ባሕርዩ ሳይሆን አንባቢው ይሆናል።

ከዚህ ዋናው መመዘኛ ይገኛል። ሰውየው እውነቱን *እያወቀ* የሚደብቅ ከሆነ የሚስማማው አንደኛ መደብ ነው፤ ለመደበቁም ምክንያትና የሚሰማው ሰው ያስፈልጉታል። እውነቱን *ሳያውቅ* ወይም ማወቅ ሳይፈልግ የሚሳሳት ከሆነ ግን ቅርብ ሦስተኛ መደብ ይሻላል። በአንደኛ መደብ ያለፈ ነገር የሚተርክ ሰው መጨረሻውን ቀድሞ ያውቃል፤ በቅርብ ሦስተኛ መደብ ያለው ሰው ግን ከታሪኩ ጋር እኩል ይራመዳል።

አንደኛ መደብ ሁሉ የማይታመን ነው ማለት አይደለም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) በጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም አንደኛ መደብ ይተረካል። የአንድ ሰው ዕይታ ውሱን መሆኑና ተራኪው የማይታመን መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

## አንድ ታሪክ በሁለቱም መንገድ

ለማስረጃ የሚከተለው ታሪክ ተዘጋጅቷል። ቦታው ደምቢያ፣ ቆላ ድባ አካባቢ ነው። አንድ ገበሬ የሟች ወንድሙን መሬት ለልጁ በአደራ ይዞ ነበር። የጣና ውኃ ሲሸሽ ሽምብራ የሚዘራበት ጥሩ መሬት ነው። ልጁ ዐድጎ መሬቱን ጠየቀ። አጎቱ ግን የይዞታ ደብተሩን በራሱ ስም አውጥቷል።

### በአንደኛ መደብ

አጎቱ በሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ይናገራል፦

> «እናንተም ታውቁኛላችሁ። ወንድሜ ሲሞት ልጁን እንደ ልጄ አሳደግሁት፤ አስተማርሁት። ከመሬቱ የተገኘው ሁሉ ለትምህርቱ ነው የዋለው። ደብተሩን በተመለከተ እኔም እንደናንተ ዘንድሮ ነው የሰማሁት። ለካ በእኔ ስም ወጥቶ ኖሯል።»

እዚህ ላይ የሚያጠራጥር ነገር የለም። ከጥቂት ገጾች በኋላ ስለ ሌላ ጉዳይ ሲያወራ እንዲህ ይላል፦

> «ያን ዓመት ከብቶቹን የሚጠብቀው ልጁ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም ሩቅ ነው፣ አልላክሁትም። እኔም ስሜን ላስመዘግብ ቆላ ድባ የሄድሁበት ዓመት ስለሆነ ቤት ሰው አልነበረም።»

ሁለት ነገር ተጋለጠ። ልጁ አልተማረም፤ አጎቱም ደብተሩን ያወጣው ራሱ ሄዶ ነው። ያጋለጠው ደግሞ ሌላ ምስክር ሳይሆን የራሱ አፍ ነው። ሰው ክስ በቀረበበት ጉዳይ ላይ ይጠነቀቃል፤ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ ግን ይዘነጋል። ስለዚህ መጋለጫው መቀመጥ ያለበት ተራኪው ራሱን በማይከላከልበት ቦታ ነው።

በመጀመሪያው ንግግር ውስጥ ያለችው «ለካ» ልዩ ትኩረት ትሻለች። «ለካ … ኖሯል» የሚለው አነጋገር ተናጋሪው ነገሩን እስካሁን አለማወቁን ያመለክታል። ሰው ራሱ ያደረገውን ነገር «ለካ አድርጌ ኖሯል» የሚለው ሳያስበው ወይም ሳይታወቀው ካደረገው ብቻ ነው። አንባቢው ሁለተኛውን ንግግር ካነበበ በኋላ ወደ «ለካ» ቢመለስ ውሸቱ በአንዲት ቃል ውስጥ ተቀምጦ ያገኘዋል።

### በቅርብ ሦስተኛ መደብ

ያው ታሪክ በዚህኛው መንገድ ሲጻፍ ሽማግሌም ችሎትም አያስፈልግም፦

> የወንድሙ ልጅ ከንጋት ጀምሮ ያረሰውን ጨርሶ በሬዎቹን ሲፈታ ከሩቅ አየው። ሥራ የማያውቅ ልጅ መሬት ምን ያደርግለታል? ላገኘው ሰው አከራይቶ ጎንደር ይገባል እንጂ። ወደ ቤት ገብቶ ሣጥኑን ከፈተ። ደብተሩ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው። ማን ነው ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀው? ወንድሙ ቢኖር ያመሰግነው ነበር።

«አየው»፣ «ገብቶ»፣ «ከፈተ» የሚሉት የተራኪው ስለሆኑ እውነት ናቸው። «ሥራ የማያውቅ ልጅ» እና «ያመሰግነው ነበር» የሚሉት ግን የሰውየው ፍርድ ናቸው፤ ምንም እንኳ «ብሎ አሰበ» የሚል ባይጨመርባቸውም። መጋለጫው ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ልጁ ከንጋት ጀምሮ ሲያርስ ውሏል፤ አጎቱ ይህን በዓይኑ እያየ ሥራ አያውቅም ይላል። አጎቱ አልዋሸም፤ ያየውን ማመን አልፈለገም።

የዚህ ዘዴ የታወቀ ምሳሌ የእንግሊዛዊቷ ጄን ኦስተን «ኤማ» (እ.ኤ.አ. 1815) ነው። ኤማ አንድ ቄስ ጓደኛዋን ሐሪየትን እንደሚወድ ታምናለች፤ ሰውየው የሚፈልገው ግን ኤማን ራሷን ነው። ምልክቶቹ ሁሉ ገጹ ላይ አሉ፤ አንባቢው በኤማ ዓይን ስለሚያያቸው ብቻ እሷ የሰጠቻቸውን ትርጉም ይቀበላል።

## የአማርኛ ሰዋስው የሚያመጣው ልዩነት

አማርኛ የሌላውን ሰው ንግግር ሲያቀርብ መደቡን ብዙ ጊዜ አይለውጥም። «ነገ እሄዳለሁ አለ» ሲባል የሚሄደው ራሱ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ በ«እሱ» የሚተረክ ታሪክ ውስጥም «እኔ» በቀላሉ ይገባል። ከላይ ባለው ምሳሌ አጎቱ «ምን አጠፋሁ?» ቢል የራሱ ሐሳብ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። «ምን አጠፋ?» ተብሎ ቢጻፍ ግን የሰውየው ይሁን የተራኪው አይለይም። ቀስ በቀስ ለሚጋለጥ ሰው ሁለተኛው ይመረጣል፤ አንባቢው ጥያቄውን እንደ ገለልተኛ ሰው ጥያቄ አድርጎ ተቀብሎ ይቆይና ኋላ የማን እንደነበር ይገባዋልና።

ሌላው አንቱታ ነው። በቅርብ ሦስተኛ መደብ ታሪኩ በወንድም ልጅ ዓይን ቢነገር «አጎቱ መጡ፤ ተቀመጡ» ይባል ይሆናል። ልጁ እውነቱን ባወቀበት ቀን «አጎቱ መጣ፤ ተቀመጠ» ቢል፣ እምነቱ መፍረሱን የግሡ መጨረሻ ብቻ ይነግረናል። ደራሲው ግን ከመጀመሪያው ወጥ መሆን አለበት። አንዴ «መጡ»፣ አንዴ «መጣ» እያለ ከቆየ ለውጡ ትርጉም ሳይሆን ስሕተት ይመስላል።

## ሁለቱን ያጣመረ ልብ ወለድ፦ ዲናው መንግሥቱ

እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝኛ ባሳተመው «ሃው ቱ ሪድ ዚ ኤር» ሁለቱንም መንገዶች ተጠቅሟል። ተራኪው ዮናስ ወልደ ማርያም ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ጥገኝነት የሚጠይቁ ስደተኞችን በሚረዳ ድርጅት ሲሠራ የሰዎቹን ታሪክ አሳማኝ እንዲሆን እየጨመረ ይጽፋል። ኋላም መምህር ሆኖ ለተማሪዎቹ ስለ አባቱ የስደት ጉዞ ይተርካል፤ አብዛኛውን የሚፈጥረው ግን ራሱ ነው።

ይህ በ«እኔ» ይነገራል። ከዚሁ ጋር እየተፈራረቀ ደግሞ የወላጆቹ የዮሴፍና የማርያም የመኪና ጉዞ በሦስተኛ መደብ ይቀርባል። ጉዞው ከፒዮሪያ ወደ ናሽቪል የተደረገ ሲሆን፣ ዮናስ በዚያን ጊዜ አልተወለደም። ታሪኩ ግን እናቱ በውስጧ ያሰበችውን ሳይቀር ይዘረዝራል።

«እሱ»ና «እሷ» የሚል አተራረክ የሚያሳድረው እምነት እዚህ ላይ ይታያል። አንባቢው የወላጆቹን ክፍል እንደ ተረጋገጠ ታሪክ ያነበዋል። ዮናስ ፈጣሪ ወሬ አዋቂ መሆኑ እየታወቀ ሲሄድ ግን ያ ክፍልም የእሱ ፈጠራ መሆኑ ይገባል። ይህ ማታለል የማይሆነው ዮናስ ታሪክ እየፈጠረ መሆኑን ልብ ወለዱ ስለማይሸሽግ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነውም ውሸቱ አይደለም፤ ወላጆቹ ያልነገሩትን በራሱ ፈጠራ መሙላት የተገደደ ልጅ መሆኑ ነው።

## የተለመዱ ጉድለቶችና መለያቸው

በአንደኛ መደብ የሚበዛው ጉድለት ሰሚ ማጣት ነው። ተራኪው ለማንም ሳይናገር፣ ለብቻው እያሰበ ሳለ የሚያውቀውን ነገር ቢደብቅ አንባቢው «ከማን ነው የሚደብቀው?» ይላል። መልሱ «ከአንባቢው» ብቻ ከሆነ ታሪኩ ወደ እንቆቅልሽ ይወርዳል። ከላይ ባለው ምሳሌ ሽማግሌዎቹ የገቡት ለዚህ ነው።

በቅርብ ሦስተኛ መደብ የሚበዛው ጉድለት በሐሳቡ ውስጥ እየኖርን ሳለ ገጸ ባሕርዩ የሚያውቀውን ትልቅ ነገር መዝለል ነው። አጎቱ ሣጥኑን እየከፈተ ስለ ደብተሩ ምንም ካላሰበና በመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙ እንዳለበት ከተገለጸ፣ የደበቀው ደራሲው ነው። መፍትሔው ማሰቡን ማሳየት፣ ግን ለራሱ በሚሰጠው ስም ማሳየት ነው፦ «የወሰደው» ሳይሆን «የጠበቀው» እንዲል።

ምርጫውን ለመፈተን አንድ ገጽ ከ«እኔ» ወደ «እሱ» መገልበጥ ይረዳል። ከግሦቹ መጨረሻ በቀር ምንም ካልተለወጠ ተራኪው የራሱ አነጋገር የለውም፤ ስለዚህ አንደኛ መደብ የሚጨምረው ነገር የለም። ሲገለበጥ ማስተባበያው ሁሉ የተራኪው ውሸት ከሆነ ግን ታሪኩ በ«እኔ» መቆየት አለበት። ጽሑፉ ካለቀ በኋላም እውነቱን የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ደግሞ ያንብበው። በትክክል የተሠራ ከሆነ «ይህ ሐሰት ነበር» የሚያሰኝ የተራኪ ዐረፍተ ነገር አያገኝም፤ «ይህን አይቼ አልፌው ነበር» የሚያሰኝ ግን በየገጹ ያገኛል።