የሚናገር ባዶ ቦታ

በውኃ ሥራ ላይ በተሰማራ አንድ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ የመስክ ሪፖርቶችን አርም ነበር። አንዱ ሪፖርት ስለ ወረኢሉ ወረዳ ሲያወራ ቆይቶ ሦስተኛው ገጽ ላይ ባለፈው ሩብ ዓመት የተጎበኘ የሌላ ወረዳ የጉድጓድ ቁጥር ይዞ መጣ። ጸሐፊው ሰነፍ አልነበረም። እንደ ባልደረቦቹ ሁሉ የባለፈውን ሪፖርት ከፍቶ፣ Save As ብሎ፣ አሮጌውን እየሰረዘ አዲሱን ሲጽፍ አንድ መስመር አምልጦት ነው። ሳይሰረዝ የቀረ አሮጌ ቁጥር ከአዲሱ ቁጥር በመልክ አይለይም፤ ስለዚህ አራሚውም ያልፈዋል።

ይህን ለማስቀረት በዎርድ ቴምፕሌት ሠራን። ኮምፒውተር ከመንካታችን በፊት ግን ያለፉ ሪፖርቶችን አትመን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋንና በሁሉም ላይ የሚደጋገመውን አሰመርንበት። አርማው፣ ርዕሶቹና ቅደም ተከተላቸው፣ የሠንጠረዡ ዓምዶች፣ የፊርማው ቦታ የማይነካ ሆኑ። ቀሪው መሙያ ቦታ ሆነ።

መሙያ ቦታዎቹ የሚገኙት Developer በሚለው ትር ውስጥ ነው። ትሩ በመጀመሪያ ስለማይታይ File፣ Options፣ Customize Ribbon ገብቶ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ለጽሑፍ፣ ለፎቶና ለቀን የየራሳቸው ሳጥን አላቸው። ለወረዳ ስም ግን Drop-Down List መረጥን፤ አንዱ «ወረኢሉ» ሌላው «ወረ ኢሉ» ብሎ ከጻፈ በዓመቱ መጨረሻ ቁጥሩን መደመር ስለሚያስቸግር ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን በሳጥኖቹ ውስጥ የሚቀመጠው መመሪያ ነው። Design Mode ሲከፈት በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ግራጫ ጽሑፍ በራስ ቃል መተካት ይቻላል፤ ሠራተኛው መጻፍ ሲጀምር ጽሑፉ ራሱ ይጠፋል። መጀመሪያ «የተገኘውን ውጤት ይግለጹ» ብለን ጻፍን። የመጣልን መልስ «ከፍተኛ ለውጥ ታይቷል» የሚል ነበር። ጥፋቱ የጥያቄው ስለሆነ እንዲህ ለወጥነው፦ «በጉብኝቱ ቀን ውኃ የሚሰጡት ጉድጓዶች ስንት ናቸው? የማይሰጡት ስንት ናቸው? የማይሰጡበትን ምክንያት ለእያንዳንዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።» ከዚያ በኋላ ቁጥር መምጣት ጀመረ። ጥሩ መመሪያ መልሱ ምን እንደሚመስልና የት ላይ እንደሚያበቃ ይናገራል።

የቀኑ ሳጥን የራሱ ችግር አለው። የሚያሳየው የፈረንጆቹን ቀን መቁጠሪያ ነው፤ የእኛ የበጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። «አንደኛ ሩብ ዓመት» ሲባል አንዱ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ሌላው ለጋሹን አስቦ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ይረዳል። ስለዚህ የሩብ ዓመቱን ስም ትተን «ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል ተራ የጽሑፍ ሳጥን አስቀመጥን።

ሌላው ሳይታወቅ የሚያልፍ ነገር፣ ያልተሞላ ሳጥን መመሪያውን እንደያዘ መታተሙ ነው። ግራጫ ቀለም ደግሞ ዓይን አይስብም። Placeholder Text የሚባለውን ስታይል ቀይ አደረግነው፤ ያልተሞላው ሁሉ ገና ፋይሉ ሲከፈት ይታያል። አራሚ ቀይ ያየበት ሪፖርት ወደ ጸሐፊው ይመለሳል።

ቅርጹን ለማጽናት ሁለት ነገር አደረግን። በእያንዳንዱ ሳጥን Properties ውስጥ ሳጥኑ እንዳይሰረዝ የሚያደርገውን ምልክት አበራን። ከዚያ ሰነዱን በሙሉ መርጠን Group የሚለውን ስንጫን ከሳጥኖቹ ውጭ ያለው ሁሉ ተቆለፈ። ይህ እጅ እንዳያመልጥ ይከላከላል እንጂ ሆን ብሎ የሚፈታን ሰው አያስቆምም፤ ቁልፉን መክፈት ቀላል ነው።

ፋይሉ የተቀመጠው በ`.dotx` ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ሁለቴ ሲጫኑት አዲስ ሰነድ ይከፍታል፤ ዋናው ሳይነካ ይቀራል። በተራው `.docx` ብናስቀምጠው ኖሮ የመጀመሪያው ሠራተኛ ሪፖርቱን እላዩ ላይ ጽፎ Save ይል ነበር። ለሁሉም በተጋራው ፎልደር ውስጥ አኑረን የማስተካከል ፈቃዱን ለአንድ ሰው ብቻ ሰጠን። በየሰው ኮምፒውተር የተበተነ ቴምፕሌት ግን ሲሻሻል የትኛው አዲሱ እንደሆነ አይታወቅም።

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ከሠራችሁ፣ ከማከፋፈላችሁ በፊት ለአንድ አዲስ ሠራተኛ ስጡትና ሲሞላ አጠገቡ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ቀና ብሎ በጠየቃችሁ ቁጥር መልሳችሁን እዚያው ሳጥን ውስጥ ጻፉት።