ሰይፉ አፍ ሲያወጣ

የፊንላንዱ ኤሊያስ ሎንሮት አስፋፍቶ በ1849 ባሳተመው «ካሌቫላ» ውስጥ ኩለርቮ የተባለ ወጣት በሠራው ኃጢአት ተጸጽቶ ሰይፉን ያማክራል፤ የበደለኛ ደም መጠጣት ትወድ እንደሆነ ይጠይቃታል። ሰይፏም የንጹሐንን ደም ስትጠጣ የኖረች መሆኗን አስታውሳ እሺ ትላለች። እሱም ይወድቅባታል።

ይህን ታሪክ ይወድ የነበረው እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን ለራሱ ጀግና ለቱሪን ተመሳሳይ ፍጻሜ ሰጠው። ድርሰቱ «የሁሪን ልጆች» በሚል ርዕስ በ2007 ታትሟል። ቶልኪን የጨመረው ትልቅ ነገር ዝግጅቱ ነው። ሜሊያን የተባለች ጠቢብ ንግሥት የሠሪው አንጥረኛ ክፋት በሰይፉ ውስጥ እንዳለ ገና ከጅምሩ ታስጠነቅቃለች። በኋላ ቤሌግ የታሰረ ጓደኛውን ቱሪንን ለመፍታት በጨለማ ገመዱን ሲቆርጥ ሰይፉ አዳልጦ የቱሪንን እግር ይወጋዋል። ቱሪን ጠላት የመጣበት መስሎት ይነሣና ሰይፉን ነጥቆ ወዳጁን ይገድላል።

ልብ በሉ፦ ሰይፉ ወጋ እንጂ አልገደለም፤ የገደለው የቱሪን ችኩልነት ነው። በመጨረሻ ሰይፉ የሚናገረውም አንዴ ብቻ፣ የቤሌግን ደም ሊመሰክር ነው። ዕቃው ሁሉን ቢያደርግ ኖሮ ሰውየው ከተጠያቂነት ነጻ ይወጣ፣ ታሪኩም ሐዘኑን ያጣ ነበር። ፈቃድ ያለው ዕቃ ይገፋፋል፣ ይመሰክራል፤ ውሳኔው ግን የሰው መሆን አለበት።