ከአምስቱ ገጽ ውስጥ የሚወጣው

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ወዳጄ በአንድ የግብርና ፕሮጀክት ለፋይናንስ ኃላፊነት ልትወዳደር ሲቪዋን ይዛልኝ መጣች። 5 ገጽ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሥራ የጀመረችበት የጅምላ መደብር ገንዘብ ያዥነት ግማሽ ገጽ ይዟል፤ ዛሬ ያለችበት ኃላፊነት አራት መስመር ብቻ ነው። ያኔ የምትጽፈው ሌላ ስላልነበራት ዝርዝሩ ረዘመ፤ ከዚያ ወዲህ ተጨመረበት እንጂ የተነካ ነገር የለም።

መጀመሪያ ማስታወቂያውን አነበብን። የ10 ዓመት ልምድ ይጠይቃል፣ 5ቱ በኃላፊነት። ከ2017 ወደ ኋላ ስንቆጥር ከ2003 ወዲህ ያለው ብቻ 14 ዓመት ሆነ፤ በኃላፊነት የሠራችውም 5 ዓመት ሞልቷል። እንግዲህ ከ2003 በፊት ያለው ለቁጥር አያስፈልግም። ይህን ሳያሰሉ መቁረጥ ግን ያስጥላል፤ አጣሪው ሲቪው ላይ ያላየውን ዓመት አይደምርም።

የመደብሩ ዝርዝር ወጣ። የፒችትሪ ሥልጠና ሰርተፍኬትም፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትም ወጡ። በ2001 ያገኘችው የምስጉን ሠራተኛ ሽልማት ላይ አመነታች፤ ደስ ብሏት የተቀበለችው ነው። እኔ የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው፦ «ይህን የሚያነብ ሰው ዛሬ ምን ልትሠሪለት እንደምትችይ ያውቅበታል?» አያውቅበትም። በአንጻሩ አዋጅ 847/2006 ከወጣ በኋላ የአንድ ፋብሪካን ሒሳብ ወደ ዓለም አቀፉ የሪፖርት ደረጃ ያሸጋገረችበት ሥራ በአንዲት ሐረግ ታልፎ ነበር። የሽልማቱን ቦታ ለእሱ ሰጠነው፦ የቋሚ ንብረቱን ዋጋ እንደገና ማስተመኗን፣ የመክፈቻ ሒሳቡን ማዘጋጀቷን ጻፈች።

ከ2000 እስከ 2003 በገበሬዎች ዩኒየን የማዳበሪያ መጋዘን ሒሳብ ይዛ ነበር። በዕድሜው ቢሆን መውጣት ነበረበት፤ ግን አዲሱ ሥራ ግብርና ነው፣ የምርት ዘመን ብድር እንዴት እንደሚሰበሰብ ያየችው እዚያ ነው። «ቀደምት የሥራ ልምድ» በሚል ርዕስ ሥር የሥራ መጠሪያው፣ ድርጅቱ፣ ዘመኑና ይህችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀሩ። የመደብሩም ሥራ ከሥሩ በአንድ መስመር ገባ፤ አናት ላይ «የ19 ዓመት ልምድ» ብላ ጽፋ ከታች 14 ብቻ ብታሳይ አንባቢው ይጠራጠራልና።

የማልስማማበት መሀል ላይ ያለን አጭር ሥራ መንቀል ነው። ከሥር ሲቆረጥ ክፍተት አይታይም፤ ከመሀል ሲነቀል ግን ያ ዓመት የት እንደዋለ በቃለ መጠይቅ ይጠየቃል። እንዲህ ያለው ቢያጥርም ይቀመጥ።

ሲቪው 2 ገጽ ተኩል ሆነ። የልምድ ደብዳቤዎቹን ግን፣ የመደብሩን ጨምሮ፣ የሥራ ግብር መከፈሉን ከሚያረጋግጠው ወረቀት ጋር ወደ ፋይሏ መለሰቻቸው፤ ነገ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብትወዳደር ለደረጃና ለደመወዝ የሚቆጠርላት በእነሱ ነው።